በዕጣ ብቻ ወይስ በወለድም? ሁለት የቁጠባና ብድር ማኅበራት ጎን ለጎን

ሰኔ 30 ሒሳቡ ይዘጋል። ኦዲት ተደርጎ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ዘንድሮ ለአንድ ዕጣ ስንት ደረሰ?" ዕጣ እዚህ አባሉ ከማኅበሩ የሚገዛው ድርሻ ነው። እኔም ማኅበር ስመርጥ ያየሁት ይህንን ቁጥር ብቻ ነበር። የእኔ ማኅበር ለዕጣ የሚከፍለው ከጓደኛዬ ማኅበር ይበልጥ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግን ወፈር ያለ ብር ይዞ የወጣው እሱ ነው። ዕጣችን እኩል ነበር፣ ሁለታችንም ብድር ላይ ነበርን። ልዩነቱ ማኅበሮቻችን ትርፉን በሚያካፍሉበት መንገድ ላይ ነበር።

ሁለት ማኅበራት እንውሰድ፣ "ሀ" እና "ለ"። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተቀመጠ ነው። ሁለቱም በዓመቱ ከተበዳሪዎች 1,200,000 ብር ወለድ ሰብስበዋል። ከዚያ ላይ ለቆጣቢዎች 480,000 ብር ወለድ ከፈሉ፤ ለደመወዝ፣ ለቢሮ ኪራይና ለመሳሰለው 220,000 ብር ወጣ። የቀረው የተጣራ ትርፍ 500,000 ብር ነው። ልብ በሉ፣ የቁጠባ ወለድ የትርፍ ድርሻ አይደለም። ትርፉ ከመታወቁ በፊት የሚወጣ ወጪ ነው። ስለዚህ ቁጠባ ብቻ ያለው ሰው ወለዱን ያገኛል እንጂ በቁጠባው መጠን ትርፍ አይካፈልም።

ከ500,000ው ውስጥ 30 በመቶው፣ ማለትም 150,000 ብር፣ ለመጠባበቂያና ለመሳሰሉት ይቀመጣል እንበል። ለክፍፍል 350,000 ብር ይቀራል። እስካሁን ሁለቱ ማኅበራት አንድ ናቸው።

"ሀ" ሙሉውን ለዕጣ ይሰጣል። 2,000 ዕጣ ስላለው ለአንዱ 175 ብር ይደርሳል። የአንድ ዕጣ ዋጋ 500 ብር ነውና ይህ 35 በመቶ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ አፍ ያስከፍታል። ግን ዕጣው ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ማኅበሩ ተአምር ሠርቶ አይደለም። ትርፉ የመጣው በቁጠባው ብር ከተሰጠ ብድር ነው።

"ለ" ደግሞ 40 በመቶውን፣ 140,000 ብር፣ ለዕጣ ያውላል። እሱም 2,000 ዕጣ ስላለው ለአንዱ 70 ብር ነው። ቀሪውን 210,000 ብር አባላት በዓመቱ በከፈሉት ወለድ ልክ ይመልሳል። 210,000ን ለ1,200,000 ስናካፍል በከፈልከው በእያንዳንዱ ብር ወለድ 17.5 ሳንቲም ይመለስልሃል ማለት ነው።

አሁን ሁለት አባላትን እናስገባ፦

| አባል | በ"ሀ" | በ"ለ" |
|---|---|---|
| 20 ዕጣ፣ ብድር የለውም | 3,500 ብር | 1,400 ብር |
| 4 ዕጣ፣ 12,000 ብር ወለድ ከፍሏል | 700 ብር | 280 + 2,100 = 2,380 ብር |

የትኛው ይሻላል ለሚለው ቀላል መለኪያ አለው። በ"ለ" ለአንድ ዕጣ 105 ብር ታጣለህ። ያንን ለማካካስ 600 ብር ወለድ መክፈል ይበቃል፣ 600 በ17.5 ሳንቲም ሲባዛ 105 ነውና። ስለዚህ በእነዚህ ቁጥሮች፣ በዓመት የምትከፍለው ወለድ ለያንዳንዱ ዕጣህ ከ600 ብር ከበለጠ "ለ" ያዋጣሃል። 20 ዕጣ ያለው ሰው 12,000 ብር ወለድ ቢከፍል ሁለቱ ጋ እኩል 3,500 ይወጣለታል። ቤት ልትሠራ ወይም መኪና ልትገዛ የምታስብ ከሆነ "ለ"ን ተመልከት። ብድር የማትፈልግ ከሆነ "ሀ"።

በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሳታጣራ አትመዝገብ፤ ዕጣ የሚቆጠረው በወር ነው ወይስ በዓመቱ መጨረሻ በተገኘው ብዛት? "ሀ" ውስጥ ሚያዝያ መግቢያ ላይ 20 ዕጣ የገዛ ሰው ሰኔ 30 ድረስ የቆየው 3 ወር ብቻ ነው። በወር የሚያሰላ ማኅበር ከ3,500ው ሩቡን፣ 875 ብር ገደማ ይሰጠዋል። ያለወር የሚያሰላው ሙሉውን ይሰጠውና ከሐምሌ ጀምሮ የቆዩትን ድርሻ ያሳንሳል። ሰኔ ላይ ዕጣ ለመግዛት ሰልፍ ከበዛ ነገሩ ይሄ ነው።

ሌላው የወለድ ገቢው ነው። አንዳንዱ ማኅበር ተበዳሪው ገና ያልከፈለውን ወለድ ገቢ ብሎ ይመዘግባል። 1,200,000 ከሚለው ውስጥ 200,000ው ያልገባ ከሆነ የተጣራው ትርፍ በእጅ ባለ ብር 300,000 ነው፣ ከ30 በመቶው በኋላም የሚቀረው 210,000 ብቻ። 350,000 አካፍሎ የከፈለ ማኅበር ልዩነቱን የሚሸፍነው ከቆጣቢዎች ገንዘብ ነው። በኋላ ቁጠባህን ልታወጣ ስትሄድ "ትንሽ ታገስ" መባል ይመጣል። ስለዚህ የኦዲት ሪፖርቱን ስታይ ከትርፉ በፊት "ተሰብሳቢ ወለድ" የሚለውን መስመር ፈልግ። ካምናው ይልቅ በጣም ካበጠ ገንዘብ ያዡን ወይም ሒሳብ ሹሙን "ስንቱ ገባ?" በለው።