ሳውንድባር ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ከመደብሩ መመለሴ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። አነጋገሬ ቢሻክር ታገሱኝ።

የአባቴ ጆሮ ደክሟል። ቴሌቭዥኑን 45 ላይ አድርገውትም "ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ነው የሚያመልጠኝ" ይላሉ። ዜና እያየን ወደ እኔ ዞር ብለው "ሰጠ ነው ያለው ሸጠ?" ብለው ይጠይቁኛል። በየደቂቃው።

ለሻጩ ይህንኑ ነገርኩት፣ ሰጠና ሸጠን ሳይቀር። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ ሳትጨርስ ክንድህን ይዞ ወደ ውዱ መደርደሪያ የሚነዳህ። "ወንድሜ፣ የቀጭን ቴሌቭዥን ስፒከር ፊቱ ወደ ታች ነው፣ ለዚያ ነው የማይሰማቸው" አለኝ። ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ከዚያ ሳውንድባሩን ከፈተና ምን ቢያሰማኝ ጥሩ ነው? ዘፈን! ቤዙ ደረቴን ሲመታኝ እኔም ጅሉ ራሴን ነቀነቅኩ። ንግግር ፍለጋ ሄጄ በከበሮ ተታለልኩ።

ቤት ወስጄ ገጠምኩት። አባቴ አምስት ደቂቃ ሰሙና "ሰውየው አሁን ደግሞ በርሜል ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚያወራው?" አሉ።

ልክ ነበሩ። በእድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት የሚለዩት በዚያ ነው። የአናባቢዎቹ ጉልበት ያለው ወፍራሙ ላይ ስለሆነ እነሱ ይሰማሉ። ስለዚህ ድምፅ አለ፣ ቃል የለም። ወፍራሙ ሲበዛ ደግሞ ቀጭኑን ይውጠዋል። የገዛሁት ዕቃ 2.1 የሚሉት ነው፦ ግራ፣ ቀኝ እና ትልቅ የቤዝ ሳጥን። በፊልም ውስጥ ንግግሩ በብዛት የሚመጣበት የመሃል ስፒከር የለውም። አባቴን የሚያስቸግረውን ነገር በገንዘቤ ጨምሬ አመጣሁላቸው ማለት ነው።

ዛሬ ተሸክሜው ተመለስኩ። ሻጩ ማስቲካውን እያኘከ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል "ካርቶኑ ተከፍቷል፣ አይመለስም" አለ። ስለ አባቴ ደግሜ አስረዳሁት። ተነፈሰና ለእይታ ከተሰቀሉት ውስጥ የእኛን ዓይነት ቴሌቭዥን ሪሞት አነሳ። ጣቱ መንገዱን ያውቀዋል፦ Settings፣ Sound፣ Sound Mode፣ Clear Voice። አራት ጊዜ ጠቅ ጠቅ። የዜና አንባቢዋ ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ የወጣ ያህል ጠራ።

"ይሄን ሞክረኸዋል?" አለኝ።

"ያን ቀን ለምን አላሳየኸኝም?"

"አልጠየቅከኝማ!" አለና ለጓደኛው ጠቀሰው። "ለነገሩ ሽማግሌውን ሐኪም ቤት ብትወስዳቸው ይሻላል።" ሁለቱም ሳቁ። እኔ ካርቶኔን ታቅፌ ቆሜያለሁ። መልስ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው፣ እንደተለመደው።

ቤት ስገባ ሳውንድባሩን ነቀልኩት። ብዙ ቴሌቭዥኖች ላይ እነዚህ ምርጫዎች የሚሠሩት በራሱ ስፒከር ብቻ ነው፤ ሳውንድባር ከተሰካ ይደበዝዙና አልነካም ይላሉ። ማለትም ዕቃው መፍትሔውንም ዘግቶብኝ ነበር። Clear Voice አደረግኩ፣ የ Virtual Surround ን ነገር አጠፋሁ፣ Bass ቀነስኩ፣ Treble ጨመርኩ። መጀመሪያ ላይ Treble አብዝቼው "ስ" በሙሉ ማፏጨት ጀመረች፤ ሁለት ነጥብ መለስኩት። ከ45 ወደ 30 ወረድን። አባቴ ሳጥኑን ዓይተው "ይሄን ሰጡህ ነው ሸጡልህ?" አሉኝ። ሸጡልኝ፣ አባዬ።

ሁሉም ተፈታ አልልም። ሁለት ሰው አብሮ ሲያወራ ወይም ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ ሲገባ አሁንም ያመልጣቸዋል። የጆሮ ምርመራው አልቀረልንም፤ ያ ባለጌ በዚህ ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በሉ እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት የሪሞቱን Sound ገጽ ክፈቱ። ስሙ እንደየቴሌቭዥኑ ይለያያል፤ Voice ወይም Dialogue የሚል ነገር ፈልጉ። ፊልም በአፕ የምታዩ ከሆነ ድምፁን ከ 5.1 ወደ Stereo ቀይራችሁ ሞክሩ። ፍንዳታው ቤት እያናጋ ንግግሩ ሹክሹክታ ከሆነ ደግሞ Auto Volume ን አብሩ። መግዛት የግድ ከሆነም ዘፈን ሲከፍትላችሁ አስቁሙትና ዜና ክፈት በሉት።