4.7 ኮከብ የተሰጠው ፓወር ባንክ፦ ለጅማ ሸማቾች ማስጠንቀቂያ

በጅማ መብራት በተደጋጋሚ ስለሚጠፋ ፓወር ባንክ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ይህን የተረዱ፣ ስማቸውን ሰምተን የማናውቅ የኦንላይን መደብሮችም በቴሌግራም ማስታወቂያ ዕቃውን በርካሽ እያቀረቡልን ይገኛሉ። ሂርማታ አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከእነዚህ መደብሮች ከአንዱ 50,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል የተባለ ፓወር ባንክ አይቶ፣ ዋጋውን በቴሌብር አስቀድሞ ከፍሎ ገዛ። የመጣለት ዕቃ ግን ስልኩን አንድ ጊዜ ከሞላ በኋላ ሁለተኛውን ሳያጋምስ ባዶ ይሆናል። ወዳጄ ከብዙ ብራንዶች መካከል ይህን የመረጠው 240 ገዢዎች በአማካይ 4.7 ኮከብ እንደሰጡት ስላየ ብቻ ነበር።

ገጹን አብረን ከፍተን ስንመረምር ማታለያው የተገለጠልን አስተያየቶቹን በኮከብ ብዛት ሳይሆን በቀን ቅደም ተከተል ስናይ ነው። ከ240ዎቹ ውስጥ 221ዱ አምስት ኮከብ፣ 2ቱ ሦስት ኮከብ፣ 17ቱ ደግሞ አንድ ኮከብ የሰጡ ናቸው። ከአምስት ኮከቦቹ ውስጥ 196ቱ የተጻፉት ምርቱ በገጹ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ባሉት አራት ተከታታይ ቀናት ሲሆን፣ በርካቶቹም «ሦስት ወር ተጠቅሜበታለሁ» ይላሉ። በዚያ ጊዜ ዕቃው ገበያ ላይ ከዋለ ሳምንት እንኳ አልሞላውም! እነዚህን 196 አስተያየቶች አውጥተን የቀሩትን 44 ብቻ ስንደምር አማካዩ ወደ 3.4 ገደማ ይወርዳል፤ ከቀሩት መካከልም አንድ ኮከብ የሰጡት ሰዎች በተለያዩ ወራት የጻፉ ሆነው ሳለ ቅሬታቸው ተመሳሳይ ነው፦ ቶሎ ያልቃል።

በእርግጥ አስተያየት በአንድ ሳምንት መብዛቱ ብቻውን የሐሰት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ለበዓል የዋጋ ቅናሽ ተደርጎ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ከይዘቱ ጋር አያይዞ ማንበብ ያስፈልጋል። እውነተኛ ገዢ ስንት ጊዜ ስልኩን እንደሞላለት፣ ገመዱ እንደላላ፣ ዕቃው ዘግይቶ እንደደረሰ ይጽፋል፤ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ግን ዕቃውን በእጁ ይዞት ስለማያውቅ የብራንዱን ሙሉ ስም ደጋግሞ እየጠራ «ጥራቱ አስደናቂ ነው፣ ለሁሉም እመክራለሁ» ከማለት አያልፍም። እኛ ባየነው ገጽ ላይ በተለያየ ስም የተጻፉ አስተያየቶች አንድን ቃል በአንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ይጽፉ ነበር።

ከስሙ ጎን የሚታየው «የተረጋገጠ ገዢ» የሚል ምልክትም ሊያዘናጋን አይገባም። በብዙ አገሮች የተለመደው አሠራር ሻጩ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ቡድን ሰዎችን መልምሎ ዕቃውን በራሳቸው ገንዘብ እንዲገዙ ማድረግና፣ አምስት ኮከብ ከሰጡ በኋላ ገንዘባቸውን መመለስ ነው። ግዢው በመዝገብ ላይ እውነተኛ ስለሆነ ምልክቱ ይሰጣቸዋል፤ አስተያየቱ ግን የተከፈለበት ነው። በተለይ መደብሩ የማናውቀው ከሆነ አስተያየቶቹን የሚያጸድቀውም ሆነ የሚሰርዘው የገጹ ባለቤት ራሱ መሆኑን እናስብ። በገጹ ያሉትን ሌሎች ምርቶች ስታዩ ከአራት ኮከብ በታች ያገኘ አንድም ዕቃ ከሌለ፣ በዚያ ገጽ ላይ ባለ ቁጥር ብራንድ መምረጥ አይቻልም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ አስተማማኙ ነገር ከአስተያየቱ ውጭ የሚገኝ ማስረጃ ነው፤ ለፓወር ባንክ ይህ ማስረጃ ክብደቱ ነው። በገበያ ላይ ያለ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ በአብዛኛው 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ በዚህ ስሌት 50,000 የሚይዘው ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ወዳጄ የገዛው ዕቃ ክብደት በዚያው ገጽ የዝርዝር ሰንጠረዥ ውስጥ 220 ግራም ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

አሳሳች የንግድ ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን አቤቱታ ለማቅረብ ሻጩ ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ መታወቅ አለበት። የወዳጄ ሻጭ አድራሻም ሆነ የንግድ ፈቃድ ቁጥር በገጹ ላይ አላሰፈረም፤ የነበረው አንድ የቴሌግራም መለያ ብቻ ሲሆን እሱም ዛሬ አይመልስም። ስለዚህ አድራሻውን ከማይገልጽ መደብር ዕቃው እጃችሁ ሳይገባና ሳትፈትሹት አትክፈሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊትም የምርቱን ገጽ፣ ክብደቱንና የአስተያየቶቹን ቀን ጨምሮ፣ በስክሪንሾት አስቀሩ፤ ቅሬታ ሲነሳ ሻጩ ገጹን ሊያጠፋው ይችላል።