ለአዲስ ተመራቂ ሲቪ፦ ሁሉንም "ልምድ" ስር ወይስ ለየብቻ?

ተቀጥሮ የማያውቅ ተመራቂ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ፕሮጀክቱንም በጎ ፈቃዱንም "ልምድ" በሚል አንድ ርዕስ ስር ማሰለፍ ነው። ሌላው ለእያንዳንዱ የራሱን ርዕስ መስጠት።

ቦታ፦ አንድ ላይ ሲሆን ገጹ ሞላ ይላል። ለየብቻ ሲሆን ባለ አንድ መስመር ርዕሶች ይበዙና ባዶነቱ ይታያል።

ስጋት፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። "ልምድ" ስር "ዳታ ተንታኝ" ብሎ የጻፈ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ "የት ነው የሠራኸው?" ሲባል "የክፍል ፕሮጀክት ነው" ካለ፣ የቀረውም ሲቪ ይጠረጠራል። ስለዚህ "የመመረቂያ ፕሮጀክት" ወይም "በጎ ፈቃደኛ" የሚለው እዚያው መስመር ላይ ይጻፍ። ለየብቻ ሲሆን ርዕሱ ራሱ ይናገራል።

አጻጻፍ፦ በሁለቱም "በቡድን ፕሮጀክት ተሳትፌአለሁ" ምንም አይነግርም። "በ4 ሰው ቡድን ውስጥ የ200 መጠይቆችን መልስ ኤክሴል ላይ አስገብቼ፣ የተደጋገሙትን ለየሁ" ሲባል ግን የራስ ድርሻ ይታያል። ከኮርስ ደግሞ ከሥራ ማስታወቂያው ጋር የሚገጥሙ ሦስት አራቱ ይበቃሉ፤ ትራንስክሪፕት አትገልብጡ።

በጎ ፈቃዱ ወራት የፈጀና ኃላፊነት ያለበት ከነበረ "ልምድ" ስር ይግባ። ማስታወቂያው የቴክኒክ ችሎታ ከጠየቀና ጠንካራው ጎናችሁ ፕሮጀክቱ ከሆነ ግን ለብቻው አውጡት፤ ቦታውም ከትምህርት ቀጥሎ ነው።