የሳሎኔ ጂፕሰምና የኩሽናዬ ልስን ኮርኒስ፦ ከ14 ወር በኋላ

ድሬዳዋ ሳቢያን ያለው ቤቴ ሁለት ዓይነት ኮርኒስ አለው። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ስር ስለሆኑ ጂፕሰም ቦርድ ተገጠመላቸው። ኩሽናው ግን የውሃ ታንከር የተሸከመ ሶሌታ አለው። እሱ ከስሩ በስሚንቶና በአሸዋ ተለሰነ። ሁለቱም 14 ወር ሆናቸው፤ የድሬን ሙቀትም በደንብ ቀምሰዋል።

ቀድሞ ያስቸገረኝ ጂፕሰሙ አይደለም፤ ልስኑ ነው። በአምስተኛው ወር ከምድጃው በላይ የሳህን ስፋት ያለው ልስን ወደቀ። ደግነቱ ማንም አልነበረም። የቀረውን በመጥረጊያ እንጨት ቀስ እያልኩ ስመታው ግማሹ ባዶ ጣሳ ይመስል ነበር። የወደቀውን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ሶሌታው የተሞላው በልሙጥ ፎርምወርክ ላይ ነበር፤ ልስኑ የሚቆነጥጠው ነገር አላገኘም።

ባዶ ድምፅ የሰጠውን ሁሉ አስነሳሁ። ኮንክሪቱ በመሮ ተወጋ፣ ተጠረገ፣ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ቀጠን ያለ የስሚንቶና የአሸዋ ርጭት ተደረገበትና እስኪጠነክር ተጠበቀ። ልስኑ በላዩ ላይ በስሱ ተደረበ። እኛ አገር ፀሐዩ ልስኑን ሳይጠነክር ያደርቀዋል፤ ስለዚህ መስኮቱን ዘግቼ ለሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ውሃ ስረጭ ከረምኩ። አሁን የትም ብመታው ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጠው። የምግብ እንፋሎትም ምንም አላደረገውም። ለኩሽና ዛሬም ልስንን እመርጣለሁ።

የጂፕሰሙ ችግር የመጣው በስምንተኛው ወር ነው። ከሰዓት ፍራሽ ላይ ጋደም ብለን ስንጫወት አንድ ጓደኛዬ ወደ ላይ እያየ፣ "አቦ፣ ይሄ መስመር ምንድን ነው?" አለኝ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል፣ መብራቱን ታክኮ አልፏል። የልስን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ይጠማዘዛል። ጂፕሰም ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካያችሁ ግን መጋጠሚያው ነው የተከፈተው።

ሳሎኑ 4.80 በ4 ሜትር ነው። ቦርዱ ደግሞ 2.40 በ1.20። ሁለት ቦርድ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም የክፍሉን ርዝመት ልክ ይሞላል። ሠራተኞቹ ሁሉንም ረድፍ እንደዚያው ደረደሩት። የቦርዶቹ ጫፎች በሙሉ ክፍሉ መሃል ላይ፣ አንድ መስመር ላይ ተገናኙ። ቆርቆሮውና የጣሪያው ማገር ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ቦርዱ በብሎን የሚመታበት ብረት፣ ኦሜጋው፣ ደግሞ የተንጠለጠለው ከዚያ ላይ ነው። እንቅስቃሴው ሁሉ ያቺን አንዲት መስመር አገኘ።

ጥገናውን የሠራልኝ ልጅ ስንጥቁን ሲከፍተው ሌላ ጉድ ወጣ። "ጋሼ፣ እዚህ ቴፕ የለም" አለኝ። የቦርዱ ረጅም ጠርዝ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቴፑና ስቱኮው እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ። አጭሩ ጫፍ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ቴፕ ሲደረግበት ያብጣል። እብጠቱ እንዳይታይ ብለው ነው መሰለኝ፣ ክፍተቱን ጄሶ ብቻ ሞልተው አለፉት። ጄሶ ብቻውን ሲሳብ ይሰነጠቃል።

በዚያው ብሎኖቹንም አየናቸው። አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ ጠልቀው የቦርዱን ወረቀት ቀደውታል። ወረቀቱን የቀደደ ብሎን አይዝም። የብሎን ጭንቅላት ከወረቀቱ ትንሽ ገባ ብሎ መቆም አለበት እንጂ መብሳት የለበትም። ከእያንዳንዳቸው ጎን ሌላ ብሎን መታን፤ የተራራቁትንም ወደ 20 ሳንቲ ሜትር አቀራረብናቸው።

ከዚያ ስንጥቁ እንደ ቪ ተከፍቶ በስቱኮ ተሞላ። የወረቀት ቴፕ በስስ ስቱኮ ላይ ተነጥፎ አየሩ እስኪወጣ በስፓቱላ ተጫነ። በማግስቱ ሰፋ ያለ ሁለተኛ ድርብ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሦስተኛ ድርብ። ስፋቱ ነው እብጠቱን የሚደብቀው። ይኸው ስድስት ወር ሆነው፣ አልተመለሰም።

መኝታ ቤቱ ላይ የማልወደው ነገር ግን ቀርቷል። ኦሜጋው በየ60 ሳንቲ ሜትር ነው የተመታው፣ ቦርዱም ስሱ፣ ዘጠኝ ሚሊው ነው። ማታ ባትሪ ግድግዳው ጋ አስጠግቼ ሳበራ በኦሜጋዎቹ መካከል ሆዱ ወርዶ ይታያል። ሳሎኑ በየ40 ስለሆነ ቀጥ ብሎ ነው ያለው። ይህን ስቱኮ አያድነውም፤ ቦርዱ ወርዶ ኦሜጋ መጨመር አለበት።

ባለፈው ወር የእንግዳ ክፍሉን ሳሠራ ቆሜ ነው የጠበቅኳቸው። ያም 4.80 በ4 ነው። ሁለተኛውን ረድፍ በግማሽ ቦርድ አስጀመርኳቸው፤ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ግማሽ። ጫፎቹ አንድ መስመር ላይ አይገናኙም፤ በየ40 ከተመታው ኦሜጋ ላይም ልክ ያርፋሉ። ሠራተኛው ቦርድ ይጨምራል ብሎ ፈርቶ ነበር። ቆጠርነው፤ በየረድፉ ያው ሁለት ቦርድ ነው።