«ያለ ጋዝ የሚሠራ ኤሲ» ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቴርሞሜትርና ቁራጭ ጨርቅ ያዙ

ተሸውጃለሁ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ከወንድሜ ቤት ነው። የሚኖርበት አገር ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ አየሩ ግን ደረቅ ነው። ልጠይቀው ሄጄ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ባለ ጎማ ሳጥን አየሁ። ከታች ውሃ ይሞላል፣ ከኋላ የማር እንጀራ የመሰለ ፓድ አለው፣ ከፊት ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ጋዝ የለው፣ ኮምፕረሰር የለው፣ መብራት የሚበላው እንደ ማራገቢያ ነው። ፊቱ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቤቴ እንደተመለስኩ ያንኑ ዓይነት ፈልጌ ገዛሁ። ሻጩ «ኤሲ ነው፣ ጋዝ ብቻ ነው የሌለው፣ ከክፍሉ ሙቀት ላይ እስከ 15 ዲግሪ ይቀንሳል» አለኝ። ካርቶኑም ላይ እንደዚያው ተጽፏል።

የእኔ አካባቢ ግን እርጥብ ነው። የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ አንሶላው እርጥብ እርጥብ አለኝ፣ ወረቀቱ ለሰለሰ፣ ላቤ አልደርቅ አለ። በሁለተኛው ቀን ቴርሞሜትር ሳስቀምጥ ክፍሉ የቀዘቀዘው 2 ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ማሽኑ አልተበላሸም። የተበላሸው ሽያጩ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከሻወር ስትወጡ የሚበርዳችሁ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ አይደለም። በሞቀ ውሃ ብትታጠቡም ይበርዳችኋል። ቆዳችሁ ላይ ያለው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ይህ ማሽንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ብቻ ነው። ፓምፑ ፓዱን ያርሳል፣ ማራገቢያው አየሩን በፓዱ ውስጥ ይስባል፣ ውሃው ሲተን አየሩ ይቀዘቅዛል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል። ትንሽ አይደለም።

ችግሩ ውሃው የሚተነው አየሩ ቦታ ካለው ነው። አየር አስቀድሞ እርጥበት ከጠገበ ተጨማሪ አይቀበልም። ትነት ከሌለ ደግሞ ቅዝቃዜ የለም። ስለዚህ የዚህ ማሽን ጉልበት ያለው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን እናንተ ሰፈር ባለው አየር ውስጥ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «15 ዲግሪ» ውሸት ላይሆን ይችላል። የሌላ ሰው ሰፈር ቁጥር ነው እንጂ።

የወንድሜንና የእኔን በቁጥር ላስተያያችሁ። እሱ ጋ ከሰዓት በኋላ 38 ዲግሪ ሙቀትና 15 በመቶ እርጥበት አለ። እንዲህ ያለ አየር በውሃ ብቻ ቢቀዘቅዝ ዝቅ ሊል የሚችለው እስከ 19.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር «የእርጥብ ቴርሞሜትር ሙቀት» ይባላል፤ የመጨረሻው ወለል ማለት ነው። የትኛውም ብራንድ ከዚያ በታች አያወርደውም። ጥሩ ፓድ የልዩነቱን 80 በመቶ ያህል ያወርዳል። ልዩነቱ 18.5 ስለሆነ 15 ዲግሪ ያህል ይቀንስለታል፤ አየሩ በ23 ይወጣል። ካርቶኑ ለእሱ እውነቱን ነግሮታል።

እኔ ጋ 32 ዲግሪና 75 በመቶ እርጥበት ነው። ወለሉ 28 ዲግሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ 4 እንኳ አይሞላም፣ 80 በመቶው 3 ዲግሪ ነው። አየሩ በ29 ይወጣል፣ ያውም 95 በመቶ ያህል እርጥበት ተሸክሞ። ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡን በማትነን አይደል? ስለዚህ 3 ዲግሪ ሰጥቶኝ ላቤ የሚደርቅበትን መንገድ ዘጋብኝ። ማራገቢያ ብቻ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ጨመርኩበት። እንደ ኤሲ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። 4 በ4 የሆነ፣ ጣሪያው 2.7 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 43 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 30 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 30 ግራም እንፋሎት ይሸከማል። እርጥበቱ ከ40 በመቶ ቢነሳ እንኳ 90 ላይ ለመድረስ ለክፍሉ በሙሉ 650 ግራም ውሃ ይበቃል፤ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ማሽኑ ይህን ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅበትም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደስታዬ ምን እንደነበር አሁን ገባችሁ። ለዚህ ነው ይህ ዕቃ በደረቅ አገርም ቢሆን ክፍት መስኮት የሚፈልገው። ማሽኑን ከውጭ አየር በሚገባበት መስኮት አጠገብ ታቆሙታላችሁ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ እርጥቡ አየር የሚወጣበት ሌላ መስኮት ወይም በር ትከፍታላችሁ። ሻጩ «ዘግተህ ተጠቀም» ካላችሁ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

ለሻጩ ስልክ ደውዬ ስነግረው ደግሞ «በረዶ ጨምርበት» አለኝ። ማሽኑ ላይ የበረዶ ማስቀመጫ አለ፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ አሳምረውታል። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 334 ኪሎጁል ነው። ያው አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን ከሚወስደው ሰባት ጊዜ ያንሳል። በዚያ ላይ ውሃ ሲቀዘቅዝ ትነቱ ይቀንሳል። በረዶውን የሚሠራው ፍሪጅ ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ቤታችሁ ውስጥ ነው የሚተፋው። ሱቅ ውስጥ እጃችሁን አስጠግታችሁ «ዋው» የምትሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ በረዶና በነፋሱ ነው። በእጅ አትፍረዱ።

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ተራ የፈሳሽ ቴርሞሜትር ውሰዱ። በሞቃቱ ሰዓት፣ ጥላ ውስጥ፣ ደረቁን ሙቀት አንብቡ። ከዚያ ጫፉን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉና ክፍሉ ውስጥ በቆየ ውሃ አርሱት። ማራገቢያ ፊት ያዙት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ቁጥሩ መውረድ እስኪያቆም። ያ ነው የእናንተ ወለል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ዕቃው ይጠቅማችኋል። ከ6 በታች ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። በመካከል ያለው እንደ ትዕግሥታችሁ ነው። በደረቅ ወራት ለክታችሁ በዝናብ ወቅት እንዳትጠብቁት ብቻ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም እርጥበቱ ስለሚጨምር ለመኝታ የምትፈልጉት ከሆነ በዚያው ሰዓት ለኩ።

ደረቅ ቦታ ያላችሁ «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ እንዳትሄዱ። የወንድሜም ማሽን በኋላ ደከመ። ውጭው ያው 38 ሆኖ ከማሽኑ የሚወጣው 29 ሆነ። ሊጥለው ነበር። የእሱ ሻጭም አዲስ ሞዴል ሊሸጥለት ተዘጋጅቷል። ሞተሩ ደህና ነበር፤ ፓዱን ከሁለት ዓመት ወዲህ ማንም አልነካውም።

ውሃ ሲተን በውስጡ የነበረው ማዕድን አብሮት አይሄድም። በሊትር 300 ሚሊግራም ማዕድን ያለው ውሃ በቀን 24 ሊትር ቢተን 7 ግራም ይተዋል። በሦስት ወር ከግማሽ ኪሎ ያልፋል። ያ ሁሉ ፓዱ ላይና ጋኑ ውስጥ ነው የሚቀረው። ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ውሃው በዚያ ቦታ አይወርድም፣ ፓዱ ላይ ደረቅ መስመር ይወጣል። ትኩሱ አየርም በዚያ መስመር ሳይቀዘቅዝ ያልፋል። ማወቂያው ቀላል ነው። ማሽኑ እየሠራ ከኋላ በባትሪ መብራት እዩት፤ ፓዱ በሙሉ እኩል እርጥብና ጠቆር ያለ መሆን አለበት። ነጣ ያለ መስመር ካያችሁ ወይ ቅርፊት ነው ወይ ከላይ ያለው የውሃ ማከፋፈያ ቀዳዳ ተደፍኗል። ቀዳዳው በሽቦ ይጠረጋል፣ አንድ ደቂቃ ነው።

ወንድሜ ያጠበው እንዲህ ነው። ሶኬቱን ነቀለ፣ ጋኑን አፈሰሰ። ፓዱን ከማውጣቱ በፊት ላይና ውጭውን በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ፤ የውስጡ ቦዮች ያጋደሉ ስለሆኑ ተገልብጦ ቢገባ ውሃው በትክክል አይወርድም። ከዚያ ነጭ ኮምጣጤ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ አንድ ሰዓት ያህል ነከረው፣ በለስላሳ ብሩሽ እንደ ቦዮቹ አቅጣጫ አሸው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በሚፈስ ውሃ አጠበው። በጎማ በኃይል የሚረጭ ውሃ አይሆንም፣ ፓዱ በሙጫ የተያያዘ ወረቀት ስለሆነ ይቦጨቃል። በረኪናም አይነካው። ሙጫውን ይበላዋል፣ ከኮምጣጤ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ካጠበው በኋላ አየሩ በ24 ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ጋኑን ላዩ ላይ እየሞላ ከመቀጠል በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ሙሉ በሙሉ ያፈሰዋል፤ ካልተፈሰሰ ማዕድኑ እየወፈረ ነው የሚሄደው። በቀን አንዴ ሊያጠፋው ሲል ፓምፑን ብቻ አጥፍቶ ማራገቢያውን 20 ደቂቃ ይተወዋል። ፓዱ ስለሚደርቅ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገርና ሽታው አይመጣም። በየሰዓቱ ማድረቅ ግን ቅርፊቱን ያጋግራል። ወቅቱ ሲያልፍ ጋኑ ይደርቅ፣ አለዚያ ትንኝ ታረባላችሁ።

አዲስ ፓድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ይሸታል፣ ያልፋል። ፓዱ በእጅ ሲጫኑት የሚፈርስ ወይም የተንጋደደ ከሆነ ግን ማጠብ አያድነውም፣ ይቀየር። ወፍራሙ የወረቀት ፓድ በደንብ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ከእንጨት ክር የተሠራው ቀጭኑ ዓይነት በየወቅቱ ይቀየራል። ስለዚህ ስትገዙ መለዋወጫ ፓድ እንዳለ ጠይቁ፣ ልኩንም ሳጥኑን ከፍታችሁ እዩት። ፓዱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ ቀጭን ከሆነ ያ 80 በመቶ የተባለው ለእሱ አይሠራም።

እኔ ገንዘቤን ለማስመለስ ሄጄ ነበር። ሻጩ ማሽኑን ሶኬት ሰካ፣ ነፋ፣ «ይሠራል እኮ» አለኝ። አዎ ይሠራል። አሁን ውሃ ሳልሞላ እንደ ማራገቢያ እጠቀምበታለሁ፤ ወንድሜ ሲመጣ ይዞት ይሄዳል።