ውኃው አልቆም ላለ ሽንት ቤት፦ የታችኛው ጎማ ይገዛ ወይስ መሙያው?

ደብረ ማርቆስ የምትኖረው እህቴ፣ ማታ ሞልቶ ያደረው ሮቶ ጠዋት ጎድሎ እያገኘችው ተቸገረች። የሽንት ቤቱ ሣጥን በየጥቂት ደቂቃው ራሱን ይሞላል። ድምፁ ከመሙያው ስለሚወጣ አዲስ መሙያ ገዝታ አስገጠመች፤ ድምፁ ግን ቀጠለ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። መሙያው የሚጮኸው ውኃ ስለጎደለበት እንጂ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት የሣጥኑን ክዳን ያንሱ። ውኃው እስከ ትርፍ ማስወጫው ቱቦ አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ የሚፈስ ከሆነ ጥፋቱ የመሙያው ነው። ውኃው ከቱቦው አፍ በታች ከሆነ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ግድግዳው ላይ ያለውን መዝጊያ ዘግተው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከምልክቱ ከወረደ የሚያፈሰው የሣጥኑን መውጫ የሚዘጋው የታችኛው ጎማ ነው። እህቴ ቤት በግማሽ ሰዓት ሁለት ጣት ያህል ወረደ። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጠራቀማል፤ ከዚህ ብሶ በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚያፈስ ጎማ ደግሞ በ10 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 300 ሊትር ይጨርሳል። ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ከባድ ነው።

ጎማው ርካሽ ነው፤ ለመቀየርም ብዙ ጊዜ መፍቻ አያስፈልግም። ያረጀ ጎማ ሲነኩት ጣት ያጠቁራል፤ ወይም ደርቆ ጠርዙ ይጣመማል። ሣጥን ውስጥ በረኪና መጨመርም ቶሎ ይበላዋል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ በሰንሰለት የሚነሳው ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች ክዳን ሲሆን፣ በቁልፍ የሚጫኑት ዓይነት ደግሞ ቀለበት ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ጎማው የሚያርፍበትን ጠርዝም በጣት ይዳስሱ። ከተሸረፈ አዲስ ጎማም አይዘጋውም፤ ኖራ መሰል ነገር ከያዘው ግን ይጠረጋል።

መሙያው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይገዛ እላለሁ። ተንሳፋፊውን በእጅ ወደ ላይ ያንሱት። ውኃው ከቆመ ዕቃው ደህና ነው፤ ውኃው ከቱቦው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ተንሳፋፊውን ማስተካከል ይበቃል። ካልቆመ፣ በተለይ ውኃ ጠፍቶ ከመጣ በኋላ የጀመረው ከሆነ፣ ውስጡ አሸዋ ገብቶ ይሆናል። መዝጊያውን ዘግተው የመሙያውን ክዳን ይፍቱ፤ አፉን በኩባያ ሸፍነው ለጥቂት ሰከንድ ውኃ ይልቀቁበት፤ ትንሹን ጎማም አጥበው ይመልሱ። ከዚህም በኋላ ካልዘጋ ይግዙ። ሲገዙ ውኃው ከታች ወይስ ከጎን እንደሚገባ አይተው ይሂዱ፤ ሮቶዎ ከሽንት ቤቱ ብዙም ከፍ ካላለ ደግሞ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራውን ይጠይቁ።

እህቴ ቀለበቱን ብቻ ቀየረች። በማግስቱ ጠዋት ውኃው እርሳሱ ምልክት ላይ እንደነበረ አገኘችው።