«ዜሮ ወለድ» ሲሏችሁ ስለቀረባችሁ ቅናሽ ጠይቁ

አዲስ መኪና ልትገዙ ወደ ዲለር የምትሄዱ፣ በተለይ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «ዜሮ ወለድ ለ60 ወር» የሚለው ማስታወቂያ ከስሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች መስመር አለችው። «ከጥሬ ገንዘብ ቅናሹ ጋር አብሮ አይሰጥም» ትላለች። ማስታወቂያው ላይ ከዋጋው ቀጥሎ ማንበብ ያለባችሁ እሷን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምራቹ መኪናው እንዲሸጥለት ሁለት ማባበያ ያወጣል። አንዱ ዜሮ ወለድ ነው። ሌላው ሪቤት ነው፣ ማለትም ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ዶላር። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጡበት ጊዜ አልፎ አልፎ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ምረጡ ነው የሚባለው። ዜሮውን የመረጠ ሰው ሪቤቱን ትቷል ማለት ነው። ሻጩ ይህን ካልጠየቃችሁት ላይነግራችሁ ይችላል።

ለመሆኑ ዜሮው ከየት ይመጣል? ቶዮታም፣ ፎርድም፣ ጂኤምም የየራሳቸው አበዳሪ ኩባንያ አላቸው። እነዚህ አበዳሪዎች ገንዘቡን ራሳቸው በወለድ ነው የሚያመጡት፤ በነጻ የሚያድሉበት ምክንያት የለም። ስለዚህ የወለዱን ጉድለት አምራቹ ይሸፍንላቸዋል። ሪቤቱም የሚከፈለው ከአምራቹ ኪስ ነው። ብሩ ወይ ለእናንተ ይሰጣል፣ ወይ ለአበዳሪው ይሄዳል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ በ2001 ገበያው ሲቀዘቅዝ ጂኤም ዜሮ ወለድን በሰፊው አውጥቶ ነበር፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በቅርብ የማውቃት እህት መኪና ስትገዛ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሻጩ የኛው ልጅ ነው፣ አማርኛውም ጣፋጭ ነው። የመኪናው ዋጋ 30,000 ዶላር ነው (ታክሱንና የታርጋውን እዚህ ትቼዋለሁ)። ምርጫው ወይ ዜሮ ወለድ ለ60 ወር፣ ወይ 3,000 ዶላር ሪቤት። ልጁ ወረቀት አወጣና «በወር 500» ብሎ ጽፎ ከበበው። ስለ ሪቤቱ ስጠይቀው ሳቅ አለና «እህቴ፣ ዜሮ እያለ ማን ወለድ ይከፍላል?» አላት። እኔን አላየኝም።

እሷ ግን ከክሬዲት ዩኒየኗ በ6 በመቶ ብድር አስፈቅዳ ነው የመጣችው። ሪቤቱን ወስዳ 27,000 ብትበደር በወር 522 ዶላር ትከፍላለች። 60ውን ወር ሙሉ ብትከፍል ጠቅላላው 31,319 ዶላር ገደማ ይሆናል። በዜሮው 30,000 ነው። እስከዚህ ድረስ ልጁ ልክ ነው፤ ዜሮው በ1,319 ዶላር ይሻላል።

ችግሩ እሷ 60 ወር የመክፈል ሐሳብ የላትም። ዕቁቧ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳታል፣ ብድሩንም ያኔ ልትዘጋው ነው። በዜሮው 12 ወር ከፍላ ብትዘጋ ያው 30,000 ነው። ቀድማ በመክፈሏ አንድ ሳንቲም አይቀነስላትም፣ ምክንያቱም የሚቀነስ ወለድ የለም። የዜሮው ዋጋ ገና ስትፈርም፣ በተተወው ሪቤት ተከፍሏል። በሌላው መንገድ ግን 12 ወር 522 ከፍላ ቀሪውን 22,227 ዶላር ገደማ ብትዘጋ ጠቅላላ የወጣባት 28,490 ዶላር አካባቢ ነው። «ወለድ ያለበት» ብድር በ1,500 ዶላር ረከሰ።

በዚህ ምሳሌ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በ27ኛውና በ28ኛው ወር መካከል ነው። ከዚያ በፊት ብድሩን የሚዘጋ ሰው ሪቤቱ ይሻለዋል። መኪናውን የሚሸጥ ወይም የሚለውጥም እንደዚያው ነው። ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ዜሮው ይሻለዋል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ብድር ስንት ጊዜ እይዘዋለሁ?» በሉ። በሐቅ መልሱት እንጂ። የልጆቹ ቁጥር ጨምሮ፣ ወይም ሥራ ተለውጦ፣ መኪናውን በሁለት ዓመት የለወጠ ስንት ሰው አለ።

ለዜሮውም ቢሆን ድብቅ ወለድ ማስላት ይቻላል። ከባድ አይደለም። ትክክለኛው የመኪናው ዋጋ በጥሬ ገንዘብ የምትገዙበት ነው፣ እዚህ 27,000። 500 ዶላር በወር ለ60 ወር ከከፈላችሁ ለ27,000 ዶላር ብድር ስንት በመቶ እየከፈላችሁ ነው? ኢንተርኔት ላይ ያለ ማንኛውም የብድር ማስሊያ ይነግራችኋል። 4.2 በመቶ ገደማ ነው። ዜሮ የተባለው ይሄ ነው። ከዚህ ባነሰ ወለድ የሚያበድራችሁ ካገኛችሁ ዜሮውን ተዉት። ካላገኛችሁና እስከ መጨረሻው የምትከፍሉ ከሆነ ውሰዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ቦታ ጊዜው ነው። ያው 3,000 ዶላር ሪቤት ይኑር፣ ዜሮው ግን ለ36 ወር ብቻ ይሁን። ወርሃዊው 833 ዶላር ይሆናል፣ ድብቁ ወለድም ወደ 7 በመቶ ይወጣል። ያው ቅናሽ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ስለሚከፈል ነው። ሰው «ቶሎ ልገላገለው» ብሎ አጭሩን ዜሮ ይመርጣል። በዚያ ላይ ክሬዲቱ ጥሩ ከሆነ ክሬዲት ዩኒየኑ ከ7 በመቶ በታች ሊያበድረው ይችል ነበር።

ሙሉውን ጥሬ ገንዘብ የያዛችሁስ? «ብሬን አልነካም፣ ባንክ አስቀምጬ በየወሩ እከፍላለሁ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ገንዘብ ታክሱ ከተቀነሰ በኋላ 4.2 በመቶ እያፈራ መቆየት አለበት፣ ያውም አምስቱን ዓመት። የቁጠባ ወለድ ደግሞ ታክስ ይከፈልበታል። ዕቁብ ውስጥ ከገባ ወይም ቼኪንግ አካውንት ውስጥ ከተኛ፣ ወይ ለዘመድ ከተላከ፣ 3,000 ዶላሩ በከንቱ ሄደ። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይነካ ሰውም ገንዘቡ ካለው ሪቤቱን ወስዶ በጥሬ ቢገዛ ወለድም የለበት፣ ዋጋውም ዝቅ ይልለታል።

አሁን በጣም የሚያናድደኝ ላይ ደረስኩ። ዜሮው ክሬዲታቸው በጣም ጥሩ ለሆነ ሰዎች ነው። አዲስ የመጣ ሰው፣ ወይም የክሬዲት ታሪኩ ቀጭን የሆነ፣ ዜሮውን አይቶ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ መኪናውን ይነዳል። ከዚያ ፋይናንስ ክፍል ያስገቡትና «ዜሮው አልጸደቀልህም፣ ግን በ7.9 አግኝተንልሃል» ይሉታል። ልቡ መኪናው ላይ ስላለ ይፈርማል። ልብ በሉ፤ ዜሮውን ካላገኘ ሪቤቱን እንዳይወስድ የከለከለው ነገር ቀርቷል። 3,000ው ሊመለስለት ይገባል። እሱ ግን ስለ ሪቤቱ ሰምቶም አያውቅ። ወረቀቱ ላይ ዋጋው 30,000 እንደሆነ ይቆያል፣ በላዩ ወለድ ይጨመርበታል። በሁለቱም በኩል ተበላ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ዜሮው ከቀረ ወዲያው «እንግዲያው ሪቤቱን ቀንሱልኝ፣ አዲስ ወረቀት አውጡ» በሉ።

ወረቀቱን ስታዩ ሕጉ ያግዛችኋል፣ ግን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ከ1968 ጀምሮ ባለው የብድር ግልጽነት ሕግ አበዳሪው የወለዱን መጠን፣ በዶላር የሚከፈለውን ወለድ፣ የተበደራችሁትንና ጠቅላላ ክፍያውን በሳጥን ለይቶ ማሳየት አለበት። በዜሮ ብድር የወለዱ ሳጥን 0 ይላል። የተዋችሁት 3,000 ዶላር የትኛውም ሳጥን ውስጥ አይገባም። የተበደራችሁት በሚለው ሳጥን ውስጥ 30,000 ተብሎ ተውጧል። ለዚህ ነው ልዩነቱን ከኮንትራቱ ማግኘት የማትችሉት። ሁለቱን ዋጋ ከመፈረማችሁ በፊት ጎን ለጎን ማስጻፍ አለባችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። «በወር ስንት ትችላለህ?» ሲሏችሁ አትመልሱ። መጀመሪያ ራሱ ዲለሩ የሚቀንሰውን ተከራከሩና ጨርሱ፤ ያ ከአምራቹ ሪቤት የተለየ ነው። ታክሱም ታርጋውም ተደምሮ ከበር ስወጣ ስንት ነው ብላችሁ ዋጋውን በኢሜይል ጠይቁ። አንድ በሪቤት፣ አንድ በዜሮ። በኢሜይል አንጽፍም የሚል ዲለር ካጋጠማችሁ ሌላ ዲለር አለ። ተጨማሪ ዋስትና፣ የጎማ ጥበቃ፣ የመቀመጫ መከላከያ የሚሉትን ደግሞ ዜሮው ላይ ሲደርቡት ወርሃዊው ከ500 ወደ 560 ቢወጣ አይታወቃችሁም። 60 ዶላር በ60 ወር 3,600 ነው።

አደጋም አለ። መኪናው በመጀመሪያው ዓመት ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የዚያን ቀን የገበያ ዋጋውን ነው። ለኢንሹራንሱ እናንተ በዜሮ ገዛችሁ በሪቤት ለውጥ የለውም። 30,000 የተበደረው ሰው ግን 27,000 ከተበደረው ይልቅ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። ያንን ጉድጓድ የሚደፍነውን ጋፕ የሚባል መድን የሚሸጥላችሁም ያው ፋይናንስ ክፍል ነው።

እህታችን በመጨረሻ ሪቤቱን ወሰደች። ልጁ ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ፣ ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ ተመለሰና አስተካከለው።

አንድ የቀረ ነገር፣ ብዙ ሰው «ሦስት ቀን ጊዜ አለኝ፣ ካልወደድኩት እመልሳለሁ» ይላል። ዲለሩ ቦታ ድረስ ሄዳችሁ ለገዛችሁት አዲስ መኪና የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ አይሠራም። ደንቡ የወጣው ቤታችሁ ድረስ መጥተው ለሚሸጡ ነው። ሪቤቱን ሳታስቀንሱ ከፈረማችሁ በማግስቱ ብትደውሉም መልሱ በዲለሩ በጎ ፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ፣ መኪናችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ ደምሩት፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ፈርሙ።